«አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል»፦ የደብር ሒሳብ ሹም ማስታወቂያ እንዴት ይጻፍ?

በአንድ የከተማ ደብር በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጥፏል እንበል። «ደብራችን አንድ ሒሳብ ሹምና ገንዘብ ያዥ አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል። የትምህርት ደረጃ፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ፒችትሪ የሚችል። ሥነ ምግባር፦ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ታማኝ፣ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል። የሥራ ሰዓት፦ እንደ አስፈላጊነቱ። ደመወዝ፦ በስምምነት።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የለመደ ዓይን ምንም የጎደለ ነገር አያገኝበትም። እኔ ግን ወደፊት በደብሩ ውስጥ የሚነሳው ጠብ ግማሹ ገና ከዚህ ወረቀት ላይ እንደሚጀምር አምናለሁ።

ትልቁ ችግር ሁለት ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ገንዘብ ያዥ ብር ይቀበላል፣ በካዝና ያኖራል፣ ባንክ ያስገባል። ሒሳብ ሹም ብሩን አይነካም፤ ብሩ ያለፈበትን ወረቀት ይከተላል፣ ይመዘግባል፣ ያመሳክራል። አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያይበት መንገድ ያለው ሁለት ሰው ሲሆኑ ብቻ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ ሆነው የደብሩን አስተዳደር እንዲይዙ ሲያደርግ፣ ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይቀር በር ከፍቷል። ማስታወቂያው ሁለቱን ሥራ አንድ ሲያደርግ ያንን በር መልሶ ይዘጋዋል።

ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈትበትን ቀን እንመልከት። ሥራው በደንብ በተያዘበት ደብር የሣጥኑ ቁልፎች በተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን መጥቶ አይከፍተውም። ሣጥኑ በጋራ ይከፈታል፣ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ይቆጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ቆጣሪዎቹ ይፈርማሉ። ገንዘብ ያዡ ያንኑ ገንዘብ በቁጥር በታተመ ደረሰኝ ተቀብሎ በማግሥቱ ባንክ ያስገባል። ሒሳብ ሹሙ ጋ የሚደርሱት እንግዲህ ሦስት ወረቀቶች ናቸው፤ የቆጠራው ቃለ ጉባኤ፣ የገቢ ደረሰኙና የባንኩ ማስገቢያ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ቁጥር መያዝ አለባቸው።

ቃለ ጉባኤውና ደረሰኙ 48,350 ብር ይላሉ፣ የባንኩ ወረቀት ግን 43,350 ብር ነው እንበል። የ5,000 ብሩ ነገር ሲጠየቅ፣ ጧፍና ዕጣን ያቀረበው ነጋዴ ዕዳውን ሊቀበል መጥቶ ስለነበር ከጠረጴዛው ላይ ተከፍሎታል የሚል መልስ ይመጣል። ማንም ላይሰርቅ ይችላል። ሆኖም ወጪው ሳይፈቀድ፣ ደረሰኝ ሳይያያዝበት ወጥቷል። ለሀገረ ስብከቱ የሚፈሰሰው ፐርሰንት የሚሰላው ከገቢ ላይ ስለሆነ፣ ገቢው አንሶ ቢመዘገብ ፈሰሱም ያንሳል፤ ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ ነጋዴው በእርግጥ መከፈሉን የሚያሳይ ምንም ወረቀት አይገኝም። ሒሳብ ሹሙና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ቢሆኑ ኖሮ 43,350 ብሎ መዝግቦ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ልዩነቱን የሚያይ ሌላ ዓይን የለም። ስለዚህ ማስታወቂያው በግልጽ «ሒሳብ ሹሙ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ የካዝናም ሆነ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ አይዝም» ማለት አለበት። ሁለት ደመወዝ መክፈል የማይችል ትንሽ ደብር ገንዘብ ያዥነቱን ከሰበካ ጉባኤው አባላት ለአንዱ ሰጥቶ፣ ሒሳብ ሠራተኛውን በወር ለጥቂት ቀናት ብቻ ሊቀጥር ይችላል። ፒችትሪንም የሚጠይቅ ከሆነ ፕሮግራሙ በእርግጥ ቢሮው ውስጥ ይኑር። በመዝገብ ለሚሠራ ደብር መዝገብ በጥንቃቄ የሚይዝ የዲፕሎማ ምሩቅ ይበቃዋል።

«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለው አባባል በሁሉም ዓይነት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ አለ። በቤተ ክርስቲያን ግን ክብደቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በእግዚአብሔር ቤት ስለ ብር መከራከር እንደ ነውር ይቆጠራል። አመልካቹ አፍሮ ዝም ይላል፣ ቀጣሪውም «ለበረከት ነው» ብሎ በትንሽ ብር ይቀጥራል። በማግሥቱ በእጁ ሚሊዮን የሚያልፍ ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨነቅ ይውላል። ፍትሐዊ ማስታወቂያ ቁጥሩን ይጽፋል፣ እጅ የሚደርሰውንም ያሳያል። ወርኃዊ ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከዚህ ላይ 2,250 ብር ግብር ይቆረጣል። ደብሩ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ይቀነሳል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ለሠራተኛው በእጁ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። አመልካቹ ይህንን አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ከገባ በኋላ ተታለልኩ አይልም።

ከደመወዙ ጋር አብሮ መነሳት ያለበት የዕረፍት ቀን ነው። ሌላ ቢሮ በሚዘጋበት ቀን ደብሩ ሥራ ይበዛበታል። እሑድ፣ ጥምቀት፣ ገናና የደብሩ ንግሥ ትልቁ ገቢ የሚገባባቸው ቀኖች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት የዕረፍት ቀን የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። ሒሳብ መያዝ እንደ ቅዳሴና ማኅሌት መንፈሳዊ አገልግሎት ስላልሆነ፣ ደብሩ ይህንን አዋጅ መለኪያ አድርጎ ማስታወቂያውን ቢጽፍ ለሁለቱም ወገን ይሻላል። «እንደ አስፈላጊነቱ» ከሚል ይልቅ፣ በንግሥ ቀን ማምሸት ካለ ስንት እንደሚከፈልበትና ለእሑዱ የሚሰጠው ተለዋጭ የዕረፍት ቀን የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

«በቂ ዋስ» የሚለውም ለማንም አይጠቅምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ፣ ዋስ የሆነበት የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። መጠኑን ሳይጽፍ ዋስ ያስፈረመ ደብር ጉድለት ሲገኝ ባዶ ወረቀት ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ዋስ የሆነው ጎረቤትም ቤቱ የሚሸጥበት እየመሰለው እንቅልፍ ያጣል። መጠኑ በማስታወቂያው ላይ ይውጣ። ደግሞም ገንዘብ የማይነካ ሒሳብ ሹም ከገንዘብ ያዡ እኩል ዋስ የሚጠራበት ምክንያት የለም።

ሥነ ምግባርን በተመለከተ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርን ቃለ መጠይቅ አይለካውም። አንዳንድ ደብር የንስሐ አባት ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው አመልካቹ ምእመን መሆኑን ሊያስረዳ ይችላል፣ የገንዘብ ጠባዩን ግን አያስረዳም፤ ንስሐ አባትን ስለዚያ መጠየቅም አይገባም። ምእመንነት መስፈርት ከሆነ ማስታወቂያው ከነምክንያቱ በግልጽ ይናገር እንጂ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ሙሉ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ፈተና ተፈትኖ በመጨረሻ በሹክሹክታ አይጣል። ታማኝነት ግን በሥራ ሊታይ ይችላል። ፈታኞቹ ሦስቱን ወረቀቶች፣ 48,350ውንና 43,350ውን፣ አመልካቿ ፊት ያስቀምጡና አንዱ በአስተዳዳሪው ቦታ ሆኖ ይጠይቃት። «ልጄ፣ ነጋዴው ተከፍሏል፤ በቃ ቆጠራውን 43,350 ብለሽ መዝግቢው።» ወዲያው «እሺ» ብትል ጥሩ ምልክት አይደለም፤ «ተሰርቋል» ብላ ብትጮህም እንደዚያው ነው። የምንፈልጋት ሴት «አባታችን፣ ቆጠራው እንደተፈረመው ይመዝገብ። የነጋዴውን ደረሰኝ ይስጡኝና ወጪውን ለብቻው በሰበካ ጉባኤው አስፈቅደን እናወራርደው» የምትለዋ ናት። ደብሩም በበኩሉ እንዲህ ስላለች እንደማይቀየማት በጽሑፍ ቃል ይግባላት፤ ከሥርዓት ውጭ የሆነን የክፍያ ትእዛዝ በደብዳቤ ልትመልስ፣ ለሰበካ ጉባኤውና ለሀገረ ስብከቱ ቁጥጥር ልታሳውቅ እንደምትችል በማስታወቂያው ላይ ይግለጽ። ያለዚህ ዓረፍተ ነገር ታማኝ ሰው መፈለግ ራሱ ታማኝነት የጎደለው ይመስለኛል።

መስጂድ ሲሆን መሠረቱ አይለወጥም፤ የገንዘቡ ጠባይ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጨምራል። ሰደቃ፣ የወቅፍ ኪራይና ዘካ በአንድ ሒሳብ መቀላቀል የለባቸውም። ዘካ በቁርኣን ለተዘረዘሩት 8 ወገኖች የሚውል ነው፤ ወቅፍም ሰጪው ባስቀመጠው ዓላማ ይታሰራል። ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ ስላለበት፣ የሒሳብ ሠራተኛው ከባዱ ሥራ የረመዳን መጨረሻ ሌሊቶች ላይ ነው። ይህ በማስታወቂያው ላይ ከነክፍያው መቀመጥ አለበት። አንድ ለየት ያለ ጥያቄም አለ። ከ8ቱ ወገኖች አንዱ ዘካ በመሰብሰብ ሥራ ላይ ያሉት ስለሆኑ፣ የሒሳብ ሠራተኛውን ደመወዝ ከዘካ ላይ ልንከፍል እንችላለን የሚል ሰው ሊነሳ ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሱቅ ኪራይና የመብራት ክፍያ ሲመዘግብ ለሚውል ሰው ይህ አይመስለኝም። ኮሚቴው ዑለማዎቹን አስቀድሞ ጠይቆ ደመወዙ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚወጣ በማስታወቂያው ላይ ያስፍር።

ወደ ደብሩ ስንመለስ ማስታወቂያው ቢታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ደብራችን አንድ ሒሳብ ሹም አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል፤ ጾታ አይለይም። ሥራው የቆጠራ ቃለ ጉባኤን፣ ደረሰኝንና የባንክ ወረቀትን ማመሳከር፣ ገቢና ወጪን በየዕለቱ መመዝገብ፣ የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብን ከመደበኛው ለይቶ መያዝ፣ የባንክ ሒሳብ በየወሩ ማስታረቅና ለሰበካ ጉባኤው ሪፖርት ማቅረብ ነው። ሒሳብ ሹሙ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ ቁልፍ አይዝም። የትምህርት ደረጃ፦ በአካውንቲንግ ዲፕሎማና የ2 ዓመት ልምድ። ደመወዝ፦ ያልተጣራ 12,000 ብር፤ ጡረታ አለው። በሳምንት 1 የዕረፍት ቀን፤ በንግሥና በሕዝብ በዓል ለሚሠራው ትርፍ ሰዓት በአዋጁ መሠረት ይከፈላል። ዋስ፦ እስከ 20,000 ብር። ከአስተዳዳሪው፣ ከገንዘብ ያዡና ከሰበካ ጉባኤው አባላት ጋር የቅርብ ዝምድና የሌለው/ያላት። ፈተናው በተግባር ነው። ከሥርዓት ውጭ የሆነ ክፍያን በጽሑፍ መቃወም የሥራው አካል ነው፣ አያስቀጣም። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 የሥራ ቀናት የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ።»

ይህ ወረቀት ከግድግዳው ሲነሳ አይጣል። ለተቀጠረው ሰው ከቅጥር ውሉ ጋር አንድ ኮፒ ይያያዝለት፤ ሁለተኛው በሰበካ ጉባኤው ፋይል ይቀመጥ። የሙከራ ጊዜው በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ያ ጊዜ ሲያበቃ ሠራተኛው የሚመዘነው በማስታወቂያው በተጻፉት ሥራዎች ይሁን፤ ሠራተኛውም በዚያው ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ይዞ፣ የበዓሉ ትርፍ ሰዓት ተከፍሎኛል ወይ፣ ቁልፍ ያዝ ተብዬ አውቃለሁ ወይ ብሎ ይናገር፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።