ኪሳራውን አስቀድሞ የጻፈ አመልካች

የፋይናንስ ተመራቂዎች በለንደን ባንኮች የግብይት ዴስክ ላይ ለጀማሪ ትሬደርነት ሲያመለክቱ የሚጽፉት ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አመልካቹ ገበያ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚስበው ይናገራል፤ ጫና እንደሚችል፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ እንደሚሠራ፣ በማዕረግ እንደተመረቀ ይዘረዝራል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ከዚህ ውስጥ ሊያጣራው የሚችል አንድም ነገር አለማግኘቱ ነው። ዴስኩ ላይ የተቀመጠ አንጋፋ ትሬደር ቀኑን ሙሉ የሚውለው ዋጋና ቁጥር ሲያመሳክር ነው። ደብዳቤም ሲደርሰው የሚፈልገው ያንኑ፣ ሊመሳከር የሚችል ነገር ነው።

ለዚህ ነው ከአንዲት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ክብደት ያለው ብዙውን ጊዜ አንድ አንቀጽ ብቻ የሚሆነው። አመልካቹ አንድ ግብይት መርጦ ለምን እንደሚገባበት፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስይዝ፣ ካልሆነለት ደግሞ የት ላይ እንደሚወጣ የሚያስረዳበት አንቀጽ ማለት ነው።

ወደዚያ አንቀጽ ከመግባት በፊት ግን አመልካቹ ሥራው ምን እንደሆነ ማወቁን ማሳየት አለበት፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። «የባንኩን ካፒታል ተጠቅሜ ከገበያው አቅጣጫ ትርፍ ማምጣት እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለብዙ ባንኮች የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከደረሰው የፋይናንስ ቀውስ በኋላ አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ ውስጥ የተካተተውና የቮልከር ደንብ የሚባለው ድንጋጌ ባንኮች በራሳቸው ገንዘብ ለራሳቸው ትርፍ እንዳይነግዱ በእጅጉ ገድቧቸዋል። ዛሬ የትልልቅ ባንኮች ዴስክ ዋና ሥራ ለደንበኛ ዋጋ መስጠት ነው። አንድ የጡረታ ፈንድ ቦንድ መሸጥ ሲፈልግ ትሬደሩ ይገዛዋል፤ ሌላ ገዢ እስኪመጣም ይዞ ይቆያል። በጎተራው ያለው እህል ሳይሸጥ ዋጋ እንዳይወርድበት የሚጠነቀቅ ነጋዴ ዓይነት ነው፤ የሚኖረው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የሚያሰጋው ደግሞ እጁ ላይ የቀረው ዕቃ ነው። ደብዳቤው ውስጥ የሚቀርበው የግብይት ሐሳብም የሚነበበው ለትንቢቱ አይደለም፤ አመልካቹ እጁ ላይ ስላለ ዕቃ እንዴት እንደሚያስብ ለማየት ነው።

በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ መኩሪያ አለ። «ባለፈው ዓመት በግል ሒሳቤ 40 በመቶ አትርፌአለሁ» የሚል ነው። አንጋፋው ትሬደር ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዘቡ በስንት እጥፍ ብድር እንደተነገደ ነው። በ20 እጥፍ ብድር የሚነግድ ሰው 40 በመቶ ለማትረፍ የሚያስፈልገው ዋጋው 2 በመቶ ብቻ ወደፈለገው አቅጣጫ መሄዱ ነው። ያው 2 በመቶ ወደ ተቃራኒው ቢሄድ 40 በመቶ ያጣል፤ የጎደለውን ለመመለስም በቀረው ገንዘብ ላይ 67 በመቶ ያህል ማትረፍ ይኖርበታል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ሒሳቡ ከከፍተኛው ነጥብ እስከ ዝቅተኛው ምን ያህል እንደወረደ ካልተጻፈ፣ 40 በመቶ የሚለው ቁጥር ስለ ችሎታም ስለ ዕድልም የሚናገረው ነገር የለም። ይህን ቁጥር ብቻውን የጻፈ አመልካች ያጣውን መቁጠር የማይወድ ሰው መስሎ ይታያል፤ ለዴስክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስም የለም።

አሁን ጥሩው አንቀጽ ምን እንደሚመስል እንይ። ለምሳሌ እንዲሆን አንዲት አመልካች የ10 ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ቦንድ መረጠች እንበል። በገበያው ያለው የቦንዱ ወለድ 4.20 በመቶ ነው። እሷ ኢኮኖሚው ቀዝቅዟል፣ የእንግሊዝ ባንክም ገበያው ከሚጠብቀው ቀድሞ ወለድ ይቀንሳል ብላ ስለምታምን ወደ 4.00 ይወርዳል ትላለች። የገበያ ወለድ ሲወርድ ቀድሞ የተገዛ ቦንድ ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ትገዛለች። ይህን ያህሉን ማንም ተመራቂ ይጽፈዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው ደብዳቤዋን የሚለየው። የ1 ሚሊዮን ፓውንድ ቦንድ ይዛለች። ቦንዱ ለወለድ ለውጥ ያለው ስሜት በባለሙያዎቹ አጠራር ዱሬሽን 8 ገደማ ነው፤ ማለትም ወለዱ በ1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ዋጋው ወደ 8 በመቶ ያህል ይንቀሳቀሳል። ዴስኩ ላይ የሚቆጠረው ግን በመቶኛ ሳይሆን በመቶኛው መቶኛ፣ ቤዚስ ፖይንት በሚባለው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ወለዱ አንድ ነጥብ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሷ 800 ፓውንድ ታገኛለች ወይም ታጣለች። ከ4.20 ወደ 4.00 ማለት 20 ነጥብ ነውና ትርፉ 16,000 ፓውንድ ይሆናል። ሐሳቧ ስሕተት ከሆነ ደግሞ 4.30 ላይ እንደምትወጣ ጽፋለች፤ ይህም 10 ነጥብ፣ 8,000 ፓውንድ ኪሳራ ነው። ሁለት ለማግኘት አንድ ማስያዝ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር በሦስትና በአራት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ አንባቢውም እርሳስ አንስቶ ማረጋገጥ ይችላል።

በዚህም ቢሆን አንጋፋው ትሬደር አይረካም። በቃለ መጠይቁ ላይ የሚያነሳው ጥያቄም ከወዲሁ ይታወቃል፦ «4.30 ላይ እወጣለሁ ስትዪ፣ በዚያ ዋጋ ላይ ገዢ እንደሚኖር በምን አወቅሽ?»

የእንግሊዝ የዋጋ ግሽበት አኃዝ የሚወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 7:00 ነው። የመንግሥት ቦንድ የወደፊት ውል ገበያ የሚከፈተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አኃዙ ከተጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ ከወጣ ገበያው 4.30ን ሳይነካ በቀጥታ 4.42 ላይ ሊከፈት ይችላል። ያኔ ኪሳራው 10 ነጥብ መሆኑ ይቀርና 22 ነጥብ፣ 17,600 ፓውንድ ይሆናል፤ ይገኛል ከተባለው ትርፍም ይበልጣል። ሁለት ለአንድ የተባለው ሒሳብ በአንድ ጠዋት ይገለበጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፦ «የግሽበት አኃዝ ከሚወጣበት ቀን በፊት ባለው ምሽት ይዞታዬን በግማሽ እቀንሳለሁ፤ መውጫ ዋጋዬ በዚያ ጠዋት ላይሠራ ይችላልና።» በግማሽ ይዞታ ያው 22 ነጥብ 8,800 ፓውንድ ያስከፍላል፤ መጀመሪያ ከተመደበው 8,000 ብዙም አይርቅም። ከደብዳቤው ሁሉ ቃለ መጠይቅ የሚያስጠራው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ነገሩ የመማሪያ መጽሐፍ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያስቀመጠውን ወለል ያለ ማስጠንቀቂያ አነሳ። ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ መውጫ ዋጋ ያስያዙ ነጋዴዎች በደቂቃዎች ውስጥ ያሰቡት ዋጋ ላይ ገዢ አጡ፤ ብዙዎቹ ትእዛዛት የተፈጸሙት እጅግ በራቀ ዋጋ ነበር። የብሪታንያው የአልፓሪ ቅርንጫፍ ከሰረ። ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ደላላ ድርጅት ደግሞ ደንበኞቹ ካስቀመጡት በላይ ከስረው 225 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ እንዳለባቸው አስታወቀ። ይህን ታሪክ ያጠና ተመራቂ «መውጫ ዋጋ አስቀምጫለሁ» ብሎ ብቻ አያልፍም።

ስለ ጥንቃቄ ከተነሳ፣ በደብዳቤው ላይ የአንድ ዜሮ ወይም የባንክ ስም ስሕተት ለምን ማመልከቻን እንደሚጥል መረዳት ለውጭ ሰው ይከብዳል። ግንቦት 2 ቀን 2022 ለንደን ውስጥ የሲቲ ባንክ ትሬደር የ58 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮኖችን ሊሸጥ አስቦ፣ ቁጥሩን በተሳሳተው ሣጥን ውስጥ አስገብቶ የ444 ቢሊዮን ዶላር ትእዛዝ ፈጠረ። ኮምፒውተሩ 711 የማስጠንቀቂያ መልእክቶች አወጣ፤ በመስኮቱ ላይ በመጀመሪያ የሚታዩት ግን 18ቱ ብቻ ነበሩ፤ ትሬደሩም ሁሉንም ሳያነብ ማለፍ ይችል ነበር። ትእዛዙ ከመቋረጡ በፊት 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን በአውሮፓ ገበያዎች ተሸጠ። የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች በ2024 ባንኩን 61.6 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ጀማሪ ትሬደር በመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሌሎች የፈጸሙትን ግብይት በመመዝገብና የዕለቱን ትርፍና ኪሳራ በማስታረቅ ነው። ለአንዱ ባንክ የጻፈውን ደብዳቤ የሌላውን ስም ሳያወጣ ለሁለተኛው የላከ ሰው ለዚህ ሥራ እንደማይሆን ራሱ መስክሯል።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የዶላር ዋጋ በአብዛኛው ከላይ ስለሚወሰን በባንኮች የግምጃ ቤት ክፍል ስለ ዋጋ አቅጣጫ የሚከራከር ጀማሪ ብዙም አያስፈልግም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላርም በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ተሸጠ። ጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ። ለእነዚህ ክፍሎች የሚያመለክት ተመራቂ ከለንደኑ አንቀጽ ስሌቱን መውሰድ ይችላል፦ 1 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ባንክ ምንዛሪው በ1 ብር ቢቀንስ 1 ሚሊዮን ብር ያጣል፤ ከዚያም በላይ ብሔራዊ ባንክ አንድ ባንክ በውጭ ምንዛሪ ሊይዝ በሚችለው ክፍት ይዞታ ላይ ገደብ አለው።

መውጫ ዋጋውን ግን እንዳለ መቅዳት አይችልም። ለንደን ውስጥ የ1 ሚሊዮን ፓውንድ ቦንድ ገበያው እስከተከፈተ ድረስ በደቂቃ ገዢ ያገኛል። እዚህ ግን ከመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ የተገዛ ሰነድ ሲሸጥ ብዙ ገዢ አይጠብቀውም። ስለዚህ የአዲስ አበባው አመልካች ከዋጋው ይልቅ መጻፍ ያለበት ሰነዱን ማን ሊገዛው እንደሚችል፣ ገዢ ከጠፋም ባንኩ በምን ገንዘብ እስከ መክፈያ ቀኑ ሊይዘው እንደሚችል፣ በዚያ መካከል አስቀማጮች ገንዘባቸውን ቢጠይቁ ደግሞ የሚከፈለው ከየትኛው ሒሳብ እንደሆነ ነው።