እኩል የሚያስገቡ፣ እኩል የማይያዙ ዕቃዎች

መደርደሪያው ሞልቶ ደንበኛው ባዶ እጁን የሚመለስበት ሱቅ ብዙ ነው። ገንዘቡ ዕቃ ሆኖ ተቀምጧል፤ የተፈለገው ዕቃ ግን የለም። ብዙ ጊዜ መነሻው ሁሉንም ዕቃ በአንድ ደንብ ማዘዝ ነው። ባለሱቁ «የሁለት ወር ይበቃል» ብሎ በየቀኑ ለሚሸጠውም፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚጠየቀውም የሁለት ወር ያስመጣል።

ይህን ለመፍታት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንጋፋው ዕቃን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ መመደብ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባልደረባ ፎርድ ዲኪ በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ አስተዋወቀው። አሠራሩ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ዕቃ ሽያጭ በመግዣ ዋጋው ይባዛል፤ ውጤቱም ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረደራል። ከላይ ተነስቶ እየተደመረ ሲወረድ ከጠቅላላው ገንዘብ 80 በመቶ ያህሉን የሚይዙት ጥቂት ዕቃዎች ኤ ይባላሉ። እስከ 95 በመቶ የሚያደርሱት ቢ፣ የቀሩት ሲ ይሆናሉ። ሲ ውስጥ የሚገቡት በቁጥር ብዙ፣ በገንዘብ ግን ትንሽ ናቸው።

ዘዴው የት ላይ እንደሚጎድል የሚታየው ግን ኤ የተባሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ሲመለከቱ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የአይሱዙ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ይወሰድ። ስሌቱ እንዲቀል ቁጥሮቹ ለምሳሌነት የተመረጡ ናቸው። ሱቁ በስድስት ወር ውስጥ 400 ብር የተገዛ የዘይት ፊልትሮ 1,200፣ 8,000 ብር የተገዛ የፍሪሲዮን ዲስኮ 60፣ 80,000 ብር የተገዛ ቴስታታ ደግሞ 6 ሸጧል። ሦስቱም እያንዳንዳቸው 480,000 ብር ይወጣሉ። በገንዘብ ብቻ ከታየ አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር የለም፤ ሦስቱም ኤ ናቸው።

የየወሩ ሽያጭ ሲታይ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ፊልትሮው 190፣ 210፣ 200፣ 205፣ 195፣ 200 ተሸጧል። ዲስኮው 12፣ 8፣ 15፣ 5፣ 14፣ 6 ነው። ቴስታታው ደግሞ ምንም፣ ምንም፣ 3፣ ምንም፣ ምንም፣ 3 ነው።

ሁለተኛው ምደባ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚለካው ይህንኑ ነው። የየወሩ ሽያጭ ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሰላል፤ ከዚያ ለአማካዩ ይካፈላል። ሽያጩ ከቢ እስከ ጂ ባሉት ስድስት ዓምዶች ከተጻፈ በኤክሴል አንድ መስመር ይበቃል፦

```
=STDEV.P(B2:G2)/AVERAGE(B2:G2)
```

ፊልትሮው 0.03፣ ዲስኮው 0.39፣ ቴስታታው 1.41 ይሰጣል። ድንበሩን እያንዳንዱ ድርጅት እንደ ሥራው ይወስናል። እዚህ እስከ 0.25 ያለው ኤክስ፣ እስከ 1 ያለው ዋይ፣ ከዚያ ያለፈው ዜድ ቢባል ሦስቱ ዕቃዎች በሦስት የተለያዩ መደቦች ይቀመጣሉ።

አሁን ትእዛዝ ይሰጥ። ዕቃው ከታዘዘ በኋላ ሁለት ወር ይፈጃል እንበል። ባለሱቁ በእነዚያ ሁለት ወራት ዕቃ እንዳያልቅበት ከመቶው 95 ጊዜ ያህል እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል። ለፊልትሮው የሁለት ወሩ ሽያጭ 400 ነው፤ ለመጠባበቂያ 15 ቢጨመር በቂ ነው። ስለዚህ እጁ ላይ ያለው 415 ሲደርስ ያዛል። ዲስኮው በሁለት ወር 20 ይሸጣል፤ መጠባበቂያው ግን 9 ነው፣ የሽያጩ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የመዋዠቅ ዋጋው ይህ ነው። ፊልትሮው ላይ በመቶ 4 ብቻ የነበረው ትርፍ ክምችት እዚህ በመቶ 45 ሆነ። ለዚህም ዲስኮው በቀመር ብቻ አይተውም። የፍሪሲዮን ሥራ የሚሠሩ ጋራዦችን ምን እየመጣላቸው እንደሆነ መጠየቅ መጠባበቂያውን ይቀንሳል።

ቴስታታው ላይ ያው ቀመር ቢሠራበት ከ5 ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ያወጣል፤ ዕቃው ስለማይከፈል ወደ ላይ ተጠግቶ 6 ይሆናል። 480,000 ብር መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ችግሩ ቁጥሩ መብዛቱ ብቻ አይደለም። አማካዩ «በወር አንድ ይሸጣል» ይላል፤ ነገር ግን በስድስቱ ወር ውስጥ አንድ ቴስታታ የተሸጠበት ወር የለም። ወይ ምንም፣ ወይ ሦስት ነው። ክሮስተን የተባለው ተመራማሪ በ1972 ያቀረበው ዘዴ ከዚህ ይነሳል፦ በስንት ጊዜ እንደሚጠየቅና ሲጠየቅ ስንት እንደሚፈለግ ለየብቻ ይገመታሉ። ለዚህ ሱቅ ግን ከቀመር በፊት የሚቀድመው ሦስቱን በአንድ ጊዜ የገዛው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ብዙ መኪና ያለው አንድ ደንበኛ ሞተር ሲያስጠግን የገዛቸው ከሆኑ፣ ቀብድ ተቀብሎ ለእርሱ ማዘዝ ይሻላል። ለድንገተኛ ጥያቄ አንድ መያዝ ወይም ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተስማምቶ መዋዋስ ይቻላል።

ምደባው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ፤ የከፋው ደግሞ ከመዝገቡ ራሱ ይመጣል። ፊልትሮው አንድ ወር ሙሉ አልቆ ቢከርም መዝገቡ «0» ይላል። በቁጥር ሲታይ ፈላጊ የጠፋ ይመስላል፣ ኤክስ የነበረውም ዕቃ ወደ ዋይ ይወርዳል። ምልክቱ ዜሮ የተመዘገበበት ወር እና ክምችቱ ያለቀበት ወር አንድ መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለ ወር ከስሌቱ መውጣት አለበት። የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ደግሞ በክረምት ይሸጣል፣ በበጋ ይቀዘቅዛል፤ በስሌቱ ዜድ ሊባል ይችላል። ሰኔ መምጣቱ ግን ለማንም ድንገተኛ አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ይነጻጸራል።

ለኢትዮጵያ አስመጪ ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ነው። ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚለካው የገዢውን ጠባይ እንጂ የአቅርቦቱን አይደለም። የኤል ሲ መከፈት ዘግይቶ ሁለት ወር የተባለው ዕቃ አራት ወር ቢፈጅ፣ ሽያጩ እንደ ሰዓት የማይዛነፈው ፊልትሮ 800 ያስፈልገዋል፤ በ415 ያዘዘው ሱቅ ከሁለት ወር በኋላ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ያለፉት ትእዛዞች እያንዳንዳቸው ስንት ቀን እንደፈጁ መመዝገብ ከሽያጭ መዝገቡ እኩል ያስፈልጋል።

ሲ ላይ ያሉት ዕቃዎች ይህን ያህል ድካም አይገባቸውም። ፊውዝና ቡሎን በሁለት ሣጥን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከፈታል፣ ያኔም ይታዘዛል። ቢያልቁ ግን ጉዳቱ ከዋጋቸው በላይ ሊሆን ይችላል፤ በትንሽ ፊውዝ ምክንያት ጭነት የያዘ መኪና ይቆማል። ሆስፒታሎች ይህን ያውቁታል። የመድኃኒት ክምችታቸውን በኤ፣ ቢ፣ ሲ ሲመድቡ ሕይወት አድን የሆኑትን፣ አስፈላጊዎቹንና ቢቀሩ የሚቻሉትን ጎን ለጎን ይለያሉ። ሕይወት አድን የሆነ መድኃኒት ዋጋው ሲ ውስጥ ቢጥለውም ክትትሉ እንደ ኤ ነው።

ምደባው በየስድስት ወሩ ቢታደስ በቂ ነው። ድንበር ላይ ያለ ዕቃ አንዴ ኤ፣ አንዴ ቢ እየሆነ መጋዘነኛውን እንዳያሰለች፣ በሁለት ተከታታይ ስሌት አዲሱ መደብ ውስጥ ከተገኘ ብቻ የአያያዝ ደንቡ ይቀየራል።