«ኤቨንቱዋልሜንቴ» ማለት «የኋላ ኋላ» አይደለም

ሚላኖ ውስጥ የሚከራይ ክፍል የሚፈልግ፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይዞ የሄደ፣ ጣልያንኛን ገና የጀመረ ሰው እናስብ። ከአከራይ አንዲት አጭር መልእክት ትደርሰዋለች፦ «አቱዋልሜንቴ ላ ስታንጻ ኤ ሊቤራ። ኤቨንቱዋልሜንቴ ፑዎ ቬኒሬ ኣ ቬዴርላ ሳባቶ።» የመጀመሪያው ቃል የእንግሊዝኛውን «አክቹዋሊ» ይመስላል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ኢቨንቹዋሊ»ን። ስለዚህ ሰውየው መልእክቱን «እንደ እውነቱ ከሆነ ክፍሉ ባዶ ነው፤ በመጨረሻ ቅዳሜ መጥተው ያዩታል» ብሎ ያነበዋል። ቀጠሮው የተቆረጠ መስሎት መልስ አይልክም፤ ቅዳሜ ሲሄድ ግን በሩን የሚከፍትለት ሰው አያገኝም።

አከራዩ የጻፉት ሌላ ነገር ነው። «ለጊዜው ክፍሉ አልተያዘም፤ ከፈለጉ ቅዳሜ መጥተው ሊያዩት ይችላሉ» ነው ያሉት። «አቱዋልሜንቴ» «በአሁኑ ጊዜ» ማለት ስለሆነ፣ ክፍሉ ነገ ሊያዝ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። «ኤቨንቱዋልሜንቴ» ደግሞ «ካስፈለገ፣ ምናልባት፣ የሚመችዎ ከሆነ» ማለት ነው፤ ቅዳሜ የቀረበው እንደ አማራጭ ነው እንጂ ቀጠሮ አልተያዘም። ተከራዩ «እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ መመለስ ነበረበት።

እንዲህ ያሉትን፣ መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላት ጣልያኖች «ፋልሲ አሚቺ»፣ ሐሰተኛ ወዳጆች ይሏቸዋል። ስያሜው የተስፋፋው ኬስለርና ዴሮኪኚ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዝኛ አሳሳች ቃላት ካሳተሙት መጽሐፍ ወዲህ ነው።

መመሳሰሉ ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ቃላቱ ከአንድ የላቲን ሥር ወጥተው ከዚያ መንገድ ተለያይተዋል። በላቲን «ኤቬኒሬ» መውጣት፣ መከሰት ማለት ነበር። ጣልያንኛ ከዚህ «ሊከሰትም ላይከሰትም የሚችል» የሚለውን ይዞ ቀረ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «ከሆነው ሁሉ በኋላ በመጨረሻ የመጣው» ወደሚለው አዘነበለ። «አክቱዋሊስ» የተባለውን ቃል የመካከለኛው ዘመን ፈላስፎች ሊሆን ከሚችለው በተቃራኒ «በተግባር ላለው» ይጠቀሙበት ነበር። እንግሊዝኛ ከዚያ «እውነተኛ» የሚለውን ወሰደ፣ ጣልያንኛ «አሁን ያለ» የሚለውን። የጣልያን ቴሌቪዥን «አቱዋሊታ» ብሎ የሚያቀርበው ዝግጅት የወቅታዊ ጉዳዮች መሆኑን ያስተዋለ ሰው «አቱዋልሜንቴ»ን በቀላሉ አይረሳም። በዚህ ረገድ ብቻዋን የቀረችው እንግሊዝኛ ናት፤ ፈረንሳይኛም ጀርመንኛም በሁለቱ ቃላት ከጣልያንኛ ጋር ናቸው።

አማርኛ ተናጋሪ ጣልያንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መማሩ ብዙ እንደሚያስከፍለው አምናለሁ፤ በተለይ በእነዚህ ቃላት። እንግሊዝኛ በአንድ «ኢቨንቹዋሊ» የሚጠቀልለውን ጣልያንኛ ለያይቶ ነው የሚናገረው፤ አማርኛም እንዲሁ። ነገሩ አልፎ «የኋላ ኋላ ተስማሙ» ስንል በጣልያንኛ «አላ ፊኔ» ነው። ገና ለሚመጣው «ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል» ስንል «ፕሪማ ኦ ፖይ» ይሆናል። ቀስ በቀስ ለሚሆነው «ውሎ አድሮ ትለምደዋለህ» ስንል «ኮል ቴምፖ»። አማርኛችን ልዩነቱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ «ፊናልሜንቴ» የሚባለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በመጨረሻ» ማለቱ እውነት ነው፣ ግን «እፎይ፣ ተመስገን» የሚል ስሜት አዝሎ ነው። ሲጠበቅ የቆየ አውቶቡስ ሲመጣ «ፊናልሜንቴ!» ይባላል። ለረጅም ጊዜ ታሞ ስላረፈ ሰው ግን «የኋላ ኋላ አረፈ» ለማለት «ፊናልሜንቴ» ያለ ሰው በሞቱ የተደሰተ ይመስላል፤ እዚያ የሚገባው «አላ ፊኔ» ነው።

ወደ ተከራያችን እንመለስ። ክፍሉን ካገኘ በኋላ የአንድ ወር ኪራይ ዘገየበት እንበል። ላለመጨነቅ «ኤቨንቱዋልሜንቴ ፓጌሮ» ብሎ ይጽፋል፤ «መክፈሌ አይቀርም» ማለቱ ነው። አከራዩ የሚያነቡት ግን «ምናልባት ካስፈለገ እከፍላለሁ» የሚል ነው፤ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። መዝገበ ቃላት አይቶ ቃሉን በ«ፕሪማ ኦ ፖይ» ቢተካውም አይድንም፤ ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ሳለ «አንድ ቀን እከፍል ይሆናል» የሚል ግዴለሽነት ያሰማል። ጣልያን በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠብቀው ቀኑን ነው፦ «ፓጌሮ ኤንትሮ ፊኔ ሜሴ»፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እከፍላለሁ።

በኪራይ ውሉ ላይም ይኸው ቃል በቅጽልነት ይገኛል። «ኤቨንቱዋሊ ዳኒ» በተከራዩ ወጪ እንደሚጠገኑ ከተጻፈ፣ «በመጨረሻ የሚመጣው ጉዳት» ሳይሆን «ጉዳት ቢደርስ» ማለት ነው። የስብሰባ አጀንዳም ብዙውን ጊዜ መዝጊያው «ቫርዬ ኤድ ኤቨንቱዋሊ» የሚል ነው፤ በእኛ አጀንዳ «ልዩ ልዩ» የምንለው። አንባቢ ከተጠራጠረ ቃሉን አውጥቶ በቦታው «ሴ ሴርቬ»፣ «ካስፈለገ» የሚለውን ያስገባ። አረፍተ ነገሩ በአብዛኛው ሳይናጋ ይቆማል።

«አክቹዋሊ»ን ወደ ጣልያንኛ መመለስ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እንግሊዞች ቃሉን ለብዙ ሥራ ያውሉታል። የተሳሳተ ግምት ለማረም «ኢን ሬያልታ» ይባላል፣ «እንደ እውነቱ ከሆነ»። ቡና ቤት ውስጥ ሻይ አዘው ቡና ሲመጣ ግን ሰውን ሳያስቀይሙ ለማረም «ቬራሜንቴ» ብሎ መጀመር ያምራል። የሰሙትን ለማጽደቅ «ኢን ኤፌቲ»፣ «በእርግጥም»። ከዚህ ሁሉ የምወደው «አንጺ» የሚለውን ነው። «አልደከመኝም፣ እንዲያውም በርትቻለሁ» ስንል ያቺ «እንዲያውም» ማለት ናት፤ ይህን ያህል የሚገጥም አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ከ«አቱዋልሜንቴ» ለመሸሽ «በአሁኑ ጊዜ» የሚለውን ከእንግሊዝኛው «ከረንትሊ» የሚቀዳም ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። «ኮሬንቴሜንቴ» በብዛት የሚሰማው ስለ ቋንቋ ሲወራ ነው፤ «ጣልያንኛ አቀላጥፎ ይናገራል» ለማለት። «አሁን ጣልያንኛ እየተማርኩ ነው» ሊል የፈለገ ጀማሪ በዚህ ቃል ያላሰበውን ይናገራል። ቀላሉ «አዴሶ» ወይም «ኣል ሞሜንቶ» ማለት ነው።

የቤተሰብ ጉዳይ ለሚያስፈጽሙ ሰዎች ደግሞ «ፓሬንቲ» አለ፤ «ዘመዶች» ማለት ሲሆን እናትና አባት «ጄኒቶሪ» ናቸው። ቅጽ ላይ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስህተት አይደለም። በአንጻሩ እኛ ራሳችን ከጣልያንኛ የወሰድነው «ፋብሪካ» ያግዘናል። እንግሊዞች ቃሉን ሲያዩ ጨርቅ ይታያቸዋል፣ እኛ ግን ትርጉሙን ከነድምፁ ይዘነዋል፤ ጨርቁ በጣልያንኛ «ቴሱቶ» ነው።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ጣልያኖች እንግሊዝኛ ሲጽፉ የራሳቸውን ትርጉም ይዘው ይገባሉ። የአውሮፓ ኦዲተሮች ፍርድ ቤት ተርጓሚ የነበረው ጄረሚ ጋርድነር በኅብረቱ ሰነዶች ውስጥ ያለቦታቸው የሚገቡ የእንግሊዝኛ ቃላትን ሲሰበስብ፣ ሁለቱንም በዝርዝሩ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ ጣልያናዊ የሥራ ባልደረባ በእንግሊዝኛ «ኢቨንቹዋሊ ስብሰባው ላይ እገኛለሁ» ብሎ ከጻፈ፣ ወንበር ከማዘጋጀት በፊት መምጣቱ የተቆረጠ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ይሻላል። ሊል የፈለገው «ከተመቸኝ እመጣለሁ» ሊሆን ይችላል።