የጂም ቅናሹ እውነት የሚያልቀው መቼ ነው?

ጳጉሜን ሲቃረብ የጂም ማስታወቂያ ይበዛል። «የመጨረሻ ዕድል! ጥቂት ቦታ ብቻ!» ይላል፤ በሳምንቱ ደግሞ «በደንበኞቻችን ጥያቄ ተራዝሟል» የሚል ይከተላል። (ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ አይነገረንም።)

እንዳያመልጥዎ ብሎ ማጣደፍ በራሱ ነውር አይደለም፤ የሚያመልጠው ነገር እውነተኛ ይሁን እንጂ። አንድ ጂም በወር 3,000 ብር ያስከፍላል እንበል። የሦስት ወሩን 9,000 ብር በ7,500 ሊሰጥ አስቧል፤ ለ40 ሰው ብቻ። ማስታወቂያ ጸሐፊው ባለቤቱን መጠየቅ ያለበት «ለምን 40?» ብሎ ነው። «ማታ ማታ የመሮጫ ማሽኖቹ ይጨናነቃሉ፤ ከዚያ በላይ ከመዘገብን ሰው ወረፋ ይይዛል» ከተባለ፣ ጽሑፉ ተገኘ ማለት ነው፦

«የሦስት ወር አባልነት 7,500 ብር፣ እስከ ጳጉሜን 5 ማታ 2 ሰዓት። የማታው ሰዓት ስለሚጨናነቅ የምንቀበለው 40 ሰው ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ 9,000 ብር ይሆናል።»

ምክንያቱ፣ ቀኑና ቀጣዩ ዋጋ ስለተጻፉ ማጋነን አያስፈልግም። «9 ቦታ ቀረ» የሚባለውም መዝገቡ ላይ 31 ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ከባዱ ነገር ከቀኑ በኋላ ይመጣል። መስከረም 2 አንድ ሰው መጥቶ «ለጥቂት ነው ያለፈኝ፣ ተባበሩኝ» ሲል ገንዘብ ተቀባይዋ እምቢ ማለት አለባት። ከሰጠችው፣ ጳጉሜን ላይ ተቻኩለው የከፈሉት ተታለዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ተመዝጋቢው ግን ቀላል መፈተኛ አለው፦ ቀነ ገደቡ ባለፈ ማግስት ስልክ ደውሎ ዋጋ መጠየቅ።