ግራጫው ኢ ምን ይናገራል?

ዎርድል በተሰኘው የቃል ግምት ጨዋታ ተጫዋቹ የተደበቀውን ባለአምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል በስድስት ሙከራ ማግኘት አለበት። አረንጓዴ ፊደሉ በትክክለኛ ቦታው መሆኑን፣ ቢጫ በቃሉ ውስጥ ቢኖርም ቦታው ሌላ መሆኑን፣ ግራጫ ደግሞ አለመኖሩን ያሳያል። ግምቱ አንድን ፊደል ሲደግም ግን የግራጫው ትርጉም ይለወጣል።

የተደበቀው ቃል ABIDE ነው እንበል፤ በውስጡ E አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ተጫዋቹ SPEED ብሎ ሲገምት የመጀመሪያው E ቢጫ፣ ሁለተኛው ግራጫ ይሆናል። ያለችው አንዲት E ለመጀመሪያው ተሰጥታ አልቃለችና ለሁለተኛው የተረፈ የለም። ስለዚህ ይህ ግራጫ «E የለም» ሳይሆን «ከአንድ በላይ E የለም፤ አራተኛው ቦታም የE አይደለም» ማለት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ተሳስተው E-ን ጨርሶ ይተዋሉ።

ቀለሙ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ የሚታደል ግን አይደለም፤ ቅድሚያው የአረንጓዴ ነው። የተደበቀው CRANE ሆኖ ግምቱ EERIE ቢሆን፣ የመጨረሻው E አረንጓዴ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ግራጫ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር አረንጓዴዎቹን ለይቶ ከቃሉ ፊደላት ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ዙር ብቻ የቀረውን ከግራ ጀምሮ በቢጫ ያድላል። መሰል ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ዙሮች ቢያደባልቅ የመጀመሪያው E በስህተት ቢጫ ይሆናል፤ ተጫዋቹም የሌለ ሁለተኛ E ሲፈልግ ሙከራው ያልቃል።