ቀይ መስመር ያልተሠመረበት ማስታወቂያ

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በመካኒሳ አቦ ሠፈር የሚገኘው ዕድራችን ለአባሎቹ ያወጣው ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያው መጀመሪያ ሲጻፍ አንድ ሙሉ ገጽ ነበር። የሦስት ወር መዋጮ 450 ብር እስከ ጥር 14 ቀን ማታ 12 ሰዓት ድረስ ለገንዘብ ያዡ እንዲከፈል፤ ያልከፈለም 50 ብር እንዲቀጣ ይናገራል። ገንዘብ ያዡም በስሙና በአባቱ ስም ተጠርቷል። ነገር ግን ጽሑፉ ረዘመ ተባለና ለግድግዳ በአሥር መስመር፤ ቀጥሎ በየቤቱ ለማደል በአራት መስመር፤ በመጨረሻም በስልክ ለመላክ በአንድ መልእክት እንዲያጥር ጸሐፊው ታዘዘ።

በመጀመሪያው ቅነሳ «የሦስት ወር» የሚለው ወደቀ። በሁለተኛው የገንዘብ ያዡ የአባት ስም ቀረ። በሦስተኛው «ማታ» የምትለው ቃል ተሠረዘች። እያንዳንዱ ቅነሳ ለብቻው ሲታይ ጉዳት ያለበት አይመስልምና ጸሐፊውን አንወቅሰውም። ችግሩ በየጊዜው የሚያሳጥረው የመጀመሪያውን ገጽ ሳይሆን አስቀድሞ የተቀነሰውን መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ቃል ተመልሶ አይመጣም፤ መውደቁንም የሚያስታውቅ ምልክት የለም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በዕድሩ ውስጥ ሁለት ተስፋዬዎች ስላሉ፤ አንዲት ባልቴት ገንዘባቸውን በቀኑ ለሌላው ተስፋዬ አስረከቡ። በመዝገቡ ግን አልከፈሉም ተብለው 50 ብር ተቀጡ። ቅጣቱ የተነሣላቸው የመጀመሪያው ገጽ ተፈልጎ፤ ጥፋቱ የመልእክቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጽሑፍን አሳጥርልን ብሎ ለሌላ ሰው ከመስጠት በፊት የማይነካውን በቀይ ማስመር ይገባል። ይኸውም ስም ከነአባት ስም፤ ገንዘብ ከነዘመኑ፤ ቀን ከነሰዓቱ ነው። ቁጥሩን ብቻ ማስመር አይበቃም። 12 ሰዓት «ማታ» የሚለው ከጎኑ ከጠፋ ጎሕ ሲቀድም 12 ሰዓት ነውና። ከዚያም የተሠመረበትን ቃል በቃል በሌላ ወረቀት ላይ በተራ ቁጥር ገልብጦ አብሮ መስጠት ነው። ትእዛዙም «ቀዩን አትንካ፤ ቦታ ካልበቃህ ንገረን» የሚል ይሁን። ከየቅነሳው በኋላ አዲሱ ጽሑፍ የሚመሳከረው ከዚህ ወረቀት ጋር እንጂ ካለፈው ቅነሳ ጋር አይደለም።

በእኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት ባዶ ቦታው ሳይቀር የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ በላቲን ፊደል ብቻ ሲጻፍ ግን 160 ይይዛል። የተሠመረበትን ብቻ ይዘን ብንሞክረው፤ «የ3 ወር 450 ብር እስከ ጥር 14 ማታ 12 ሰዓት ለገንዘብ ያዡ ካልተከፈለ 50 ብር ቅጣት።» የሚለው 59 ሆነ። ለስምና ለአባት ስም 11 ተረፈ። ስሙ ከዚህ ቢረዝም መልእክቱን ለሁለት መክፈል እንጂ የአባትን ስም መቁረጥ አይገባም።

ሁሉን ማስመር ደግሞ ምንም እንዳለማስመር ነው፤ የሚቀነስ አይተርፍምና። በየቃሉ ላይ «ይህ ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው አለን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሰላምታውና የምስጋናው መስመር ቢጠፋ የሚቀጣ ሰው የለም። የአባት ስም ሲጠፋ ግን እኚያ ባልቴት ተቀጥተዋል።