ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ

ያጎቴ ልጅ ገበሬ ነው። ሆለታ አካባቢ ባለ አንድ የአበባ እርሻም ተቀጥሮ ይሠራል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጽጌረዳ ሲቆርጥ ይውላል። የራሱን ማሳ የሚያየው እሑድ ነው። ጤፍና ስንዴ አለው። ኅዳር ሲመጣ ግን ይጨነቃል። አዝመራው ደርሶ ይጠብቀዋል፤ እሱ ደግሞ የሰው ሥራ ላይ ነው። ሚስቱ ብቻዋን አጭዳ አትጨርሰውም።

በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ። ዓመቱም አለቀ። ፈቃዱ በገንዘብ ቢቀየርልኝ በገንዘቡ አጫጅ እቀጥርበታለሁ» አለ። ይህን ብሎ ወደ አስተዳደር ክፍል ሄደ።

«የተጠራቀመ ፈቃድ አለኝ። በብር ቢያስቡልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አላት ኃላፊዋን።

«ወንድሜ፣ ይህን ላደርግልዎ አልችልም። ሕጉ ይከለክላል። ፈቃዱን ራሱን ግን መጠየቅ ይችላሉ» አለችው።

ማታ ወደ እኔ ቤት መጣ። ተናዷል። «ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት የፈቃዷን ገንዘብ ቆጥራ ተቀብላለች። ለሷ የተፈቀደ ለኔ ለምን ይከለከላል?» አለ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። አዋጁን አውጥተን አብረን አነበብነው።

አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥሩ 1156 ነው፤ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእርሻ ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው በዚህ አዋጅ ይዳኛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሌላ አዋጅ አላቸው፤ የነሱን እዚህ አናነሣም። አዋጁ ስለ ዓመት ፈቃድ ሁለት ነገር ይከለክላል። አንደኛ፣ ሠራተኛው «ፈቃዴን ትቼዋለሁ» ብሎ ቢፈርም ፊርማው አይጸናም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ በፈቃዱ ምትክ ገንዘብ መክፈል ክልክል ነው። ፈቃድ የተሰጠው ሰው እንዲያርፍበት ነውና። መሸጥ ቢፈቀድ ችግረኛው ሁሉ ይሸጠው ነበር። አሠሪውም «ሽጥልኝ» እያለ ያስጨንቀው ነበር።

ያጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ቀጥሎ «ታዲያ ስንት ቀን ነው ያለኝ?» አለ። ቁጥሩን በትክክል አያውቀውም ነበር።

አብረን ቆጠርን። አንድ ሠራተኛ አንድ ዓመት ሲሞላው 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ሦስት ዓመት የሞላው 17 ቀን፣ አምስት ዓመት የሞላው 18 ቀን ያገኛል ማለት ነው። አንዳንድ የቆዩ ሠራተኞች «14 ቀን ነው፤ በየዓመቱም አንድ ይጨመራል» ይላሉ። አልዋሹም፤ ግን ያ በፊተኛው አዋጅ፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ነበር።

ያጎቴ ልጅ የተቀጠረው ነሐሴ 1 ቀን 2005 ሳይሆን፣ እሱ እንደሚለው «ገና ትናንት»፣ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 2014 ላይ 16 ቀን አገኘ፤ ሁሉንም ወሰደ። ነሐሴ 2015 ላይ ሌላ 16 ቀን አገኘ። ይህን ሲጠይቅ «አሁን ሥራ በዝቷል፣ ወደ ፊት ትወስዳለህ» ተባለና ቀረ። ነሐሴ 2016 ላይ ሦስት ዓመት ሞላውና 17 ቀን አገኘ። 16 እና 17 ሲደመር 33 የሥራ ቀን ነው።

ፈቃድ እንዲህ ሊጠራቀም የሚችለው በሁለት መንገድ ነው። ሠራተኛው ራሱ «ይተላለፍልኝ» ብሎ ጠይቆ አሠሪው ሲስማማ ይተላለፋል። ወይም አሠሪው በሥራው ሁኔታ ምክንያት ያስተላልፈዋል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፈቃድ እንደ ጎተራ እህል ዓመት ከዓመት የሚቀመጥ ይመስለዋል። የአራትና የአምስት ዓመት ፈቃድ አጠራቅሞ የሚጠይቅ ሰው ክርክሩ ይከብድበታል። ያጎቴ ልጅ የፊተኛውን 16 ቀን ያገኘው ነሐሴ 2015 ላይ ስለሆነ ገና ጊዜው አላለፈበትም። አንድ ዓመት ቢዘገይ ግን አደጋ ነበረው።

«ትወስዳለህ» የተባለው በቃል ነው። በእጁ ወረቀት አልነበረውም። ስለዚህ በማግስቱ ሄዶ የፈቃድ መዝገቡን አሳዩኝ አለ። እንደ ዕድል ሆኖ 16 ቀኑ «የተላለፈ» ተብሎ በስሙ ተጽፏል። ባይጻፍ ኖሮ መጀመሪያ እሱን ማስጻፍ ነበረበት።

ከመዝገቡ ሲመለስ አንድ የሥራ ተቆጣጣሪ ወደ ጎን ጠራው። «ፈቃድ ወስጃለሁ ብለህ ፈርም። ሥራህን ግን ሥራ። እኔ ግማሹን ብር በእጅህ አሰጥሃለሁ» አለው። እንዲህ ያለ ውል በየቦታው ይሰማል። ገንዘቡ ለዕለቱ ይጥማል። ግን ልብ ብለን እንየው። መዝገቡ ላይ ሰውየው 33 ቀን ያረፈ ሆኖ ይጻፋል። ነገ ከሥራ ቢወጣ «ፈቃዴ ይከፈለኝ» ቢል መዝገቡ ይወጣበታል። ፊርማውም የራሱ ነው። ግማሹን ብር ያገኘ ሰው ሙሉውን ቀንና ሙሉውን ብር አጣ ማለት ነው። ያጎቴ ልጅ አልፈረመም።

ከዚያ ይልቅ ሁሉንም ቀን በአንድ ጊዜ፣ በአጨዳ ወቅት ለመጠየቅ ወሰነ። ያልነበረው አጫጅ ራሱ ይሆናል። በፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢሆን ያገኝ የነበረው ደመወዝ አይቋረጥበትም። ስለዚህ ማሳው ላይ ሲያጭድ የአበባ እርሻው ደመወዝም ይታሰብለታል። ሊሸጠው ከፈለገው ፈቃድ የሚያገኘው ጥቅም ይኸው ነው።

ማመልከቻውን እሱ ራሱ ጻፈ፤ እኔ ፊደል ብቻ አረምኩለት። እንዲህ ይላል፦

«መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድን በአንድ ጊዜ ስለ መጠየቅ
ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ካገኘሁት ፈቃድ በሥራ ብዛት ምክንያት የተላለፈብኝ 16 የሥራ ቀን አለኝ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ ያገኘሁት 17 የሥራ ቀንም አልተወሰደም። በጠቅላላው 33 የሥራ ቀን ነው። ይህ ፈቃድ ከኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይከፋፈል እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

ሁለት ቅጂ አደረገው። አንዱን ሰጠ። በሁለተኛው ላይ የተቀበለችው ጸሐፊ ቀንና ፊርማ እንድታኖርበት አደረገና ወደ ቤቱ ወሰደው። ይህ ሁለተኛ ቅጂ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ «አላመለከትክም» ሲባል ግን የሚያድነው እሱ ነው።

ኃላፊዋ ከሳምንት በኋላ ጠራችው። «33 ቀን በአንድ ጊዜ በዛ። ለኅዳር የጠየቁ ሌሎችም አሉ። ለሁለት ብንከፍለውስ?» አለችው። ሕጉ ቀኑን ሠራተኛው ብቻውን ይምረጥ አይልም። አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም ሲያወጣ የሠራተኛውንም ጥቅም፣ ሥራው እንዳይቆምም ያያል። ፈቃድን ለሁለት መክፈል ግን ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ የሚደረግ ነው። ያጎቴ ልጅ አልጠየቀም።

ደግሞ ጥሩ ነገር አሰበ። በአበባ እርሻ ትልቁ ሥራ የሚመጣው በጥር መጨረሻ ነው። ፈረንጆች የካቲት 7 ቀን የፍቅረኞች በዓል ስላላቸው ጽጌረዳው ለዚያ ይቆረጣል። «በጥር አንድም ቀን አልጠይቅዎትም፤ የኅዳሩን ይስጡኝ» አላት። እሷም ይህን ስትሰማ ተስማማች። ፈቃዱን በደብዳቤ ሰጠችው።

አሁን የሚመለስበትን ቀን መቁጠር አለበት። የሥራ ቀን ስለሚባል የሳምንቱ ዕረፍት አይቆጠርም። እሱ በሳምንት 6 ቀን ይሠራል። 33 ቀን ለ6 ሲካፈል 5 ሳምንት ሆኖ 3 ቀን ይተርፋል። ኅዳር 2 ሰኞ ጀምሮ አምስተኛው ሳምንት ታኅሣሥ 5 ቅዳሜ ያልቃል። የተረፉት 3 ቀናት ታኅሣሥ 7፣ 8 እና 9 ናቸው። ታኅሣሥ 10 ሐሙስ ሥራ ይገባል። እሑዶቹን ቆጥሮ ቢሆን ኖሮ አምስት ቀን ቀድሞ ይመለስ ነበር።

የጎረቤታችን ነገርስ? እሷ ገንዘቡን የተቀበለችው ሥራውን ስለ ለቀቀች ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ሰውየው ከዚያ በኋላ ሊያርፍበት አይችልም። ስለዚህ ያልወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈለዋል። ክልከላው የማይሠራው እዚህ ላይ ነው።

እሷ የሠራችው አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነው። ለአንዱ ዓመት 16 ቀን አላት፤ ምንም አልወሰደችም። ዓመት ያልሞላውም ጊዜ እንደ ሥራው መጠን ይታሰባል። ስለዚህ ለስድስቱ ወር የ16 ግማሽ፣ 8 ቀን ተጨመረላት። 24 ቀን ሆነ። ደመወዟ በወር 2600 ብር ነበር። የ26 ቀን ሥራ እንደ አንድ ወር ስለሚቆጠር የቀኑ 100 ብር ይደርሳል። 24 ቀን በ100 ሲባዛ 2400 ብር ነው። ከዚህ ላይ እንደ ማንኛውም ደመወዝ ግብር ሊቀነስ ይችላል።

ገንዘቡን ያገኘችው ግን ወዲያው አልነበረም። ሕጉ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል። እሷን «ነገ ነይ» እያሉ ወር አስቆጠሯት። በመጨረሻ የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳ አመለከተች፤ ከዚያ በኋላ ተከፈላት። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይመጣባት ነበር። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል። «ነገ ነይ» የሚል ሰው ስድስቱን ወር ሊያስቆጥር ይችላል።

ያጎቴ ልጅ ታኅሣሥ 10 ቀን ሥራ ገባ። ጤፉን አጭዶ ከምሮ ነበር። ስንዴው ትንሽ ቀርቶታል፤ እሱን እሑድ እሑድ ጨረሰው። ሥራ እንደ ገባ መጀመሪያ ያደረገው መዝገቡን ማየት ነው። በስሙ ፊት «የቀረ ፈቃድ፦ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ቀጣዩን 17 ቀን ነሐሴ 2017 ላይ ያገኛል። እሱንም ለኅዳር ከወዲሁ አስቦታል።